ድምፁ ገጥሞ ምስሉ ሲዘል፦ ከአምስት ታዳሚዎች ስልክ አንድ የኮንሰርት ቪዲዮ ስሠራ የተማርኩት

አንድ ሰው አስቀድሞ ይህን ቢነግረኝ ኖሮ የሁለት ሳምንት ኤዲት አፍርሼ እንደገና ባልጀመርኩ ነበር። በታዳሚ ስልክ የተቀረጸን ኮንሰርት ወደ አንድ ቪዲዮ ሲያመጡት መቁረጡ ቀላል ነው። ችግሩ ፕሮግራሙ «ገጥሟል» ያለው ሁሉ በእርግጥ አለመግጠሙ ነው። የትኛው አንግል ለየትኛው የዘፈኑ ክፍል እንደሚሆን የወሰነልኝም በመጨረሻ ይኸው ጉዳይ ነው።

ምሳሌዬ አንድ የባህል ባንድ በአዳራሽ የተጫወተው የ6 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ዘፈን ነው። በማሲንቆ ብቻ ይከፈታል፣ ከዚያ ከበሮው በችክችካ ይገባል፣ መሀል ላይ ዘፋኙ ግጥም ይወረውራል፣ በእስክስታ ያልቃል። ባንዱን አስፈቅጃለሁ። አምስቱን ስልኮች በቆሙበት ቦታ ሰየምኳቸው። «የፎቁ» ከስፒከሩ 38 ሜትር ያህል ርቆ መድረኩን በሙሉ በ4ኬ ያሳያል፤ ዘፈኑንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳያቋርጥ ይዟል። «የመሀሉ» 14 ሜትር ላይ ነው፤ የሰው ጭንቅላት ቢበዛበትም ድምፁ ጥሩ ነው። «የግራው» 5 ሜትር ላይ ሆኖ ማሲንቆ ተጫዋቹን ከጎን ይዟል። «የቀኙ» 4 ሜትር ላይ የዘፋኙን ፊት በቁመት ቀርጾ 4 ደቂቃ ከ30 ላይ ይቆማል። «የኋላው» ከ31 ሜትር በዙም ከበሮውንና ጨፋሪዎቹን ተከትሏል።

ፋይሎቹን በቴሌግራም ስትቀበሉ «እንደ ፋይል ላኩልኝ» በሉ፤ እንደ ቪዲዮ ከተላከ ይጨመቅና ፊት የማይለይበት ነገር ይደርሳችኋል። ዋናው ፋይል ከባለቤቱ ስልክ ከመጥፋቱ በፊት በዚያው ሳምንት መሰብሰብ አለበት።

ለድምፅ አንድ ስልክ ብቻ ምረጡ። የአዳራሹን ሰዎች ከሚክሰሩ በቀጥታ የተቀዳ ድምፅ እንዲሰጡኝ ሦስት ጊዜ ጠይቄ ያለ ምንም ምክንያት «አይቻልም» ተብያለሁ፤ ፍላሽ ሰክቶ መቅዳት ብቻ ነበር የቀረው፣ እስካሁን ያናድደኛል። ስለዚህ የመሀሉን ስልክ ወሰድኩ። ከስፒከሩ ሥር ያሉት ሁለቱ ማይካቸው ከአቅሙ በላይ ስለተጫነ የድምፁ ሞገድ ጫፍ ተቆርጦ ጠፍጣፋ ሆኗል፤ ያ ደግሞ በምንም አይመለስም። ሁለት ስልኮችን ደርቦ ማጫወት «ድምፁን ይሞላዋል» የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ድምፁ ለእያንዳንዱ ስልክ በተለያየ ሰዓት ስለደረሰ ሲደረብ በቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ይመስላል።

አሁን ወደ ሲንኩ፣ ማለትም ክሊፖቹን በሰዓት ወደ ማግጠሙ። በዳቪንቺ ሪዞልቭ ክሊፖቹን መርጦ `Create New Multicam Clip Using Selected Clips` ማለትና `Angle Sync` የሚለውን `Sound` ላይ ማድረግ ነው። መመሪያውም ያየኋቸው ትምህርቶችም እዚህ ላይ ያበቃሉ። እኔም አምኜ ወደ ቆረጣ ገባሁ። ዘፈኑን ጨርሼ በትልቅ ቴሌቪዥን ሳየው ከበሮ መቺው እጅ በአንዱ አንግል ከድምፁ ጋር ያርፋል፣ በሌላው ይቀድማል፤ ዘፋኙ ደግሞ የሌላ መስመር ቃል የሚዘፍን ይመስላል። ኮምፒውተሬ ዘግይቶ መስሎኝ ሦስት ቀን ሌላ ቦታ ስፈልግ አጠፋሁ። የነበሩት ግን ሦስት የተለያዩ ስህተቶች ናቸው፤ መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው።

የመጀመሪያው የምት መዝለል ነው። ፕሮግራሙ የሁለቱን ድምፅ ሞገድ እያንሸራተተ በጣም የሚመሳሰሉበትን ቦታ ይፈልጋል። ችክችካ ግን ራሱን እየደጋገመ የሚሄድ ምት ስለሆነ አንድ ዙር ወደፊት ወይም ወደኋላ ቢገፋም የሚመሳሰል ያገኛል። የቀኙ ስልክ ያጋጠመው ይህ ነው፤ ልክ አንድ ዙር፣ በዚህ ዘፈን ፍጥነት አንድ ሰከንድ ያህል፣ ተንሸራቶ ነበር። ከበሮው ሲመታ እጁም ይመታል፤ ስለዚህ ከበሮውን እያየ የሚያረጋግጥ ሰው ፈጽሞ አይነቃም። የሚያጋልጠው አፍ ነው። አሁን ከበሮውን ትቼ የማይደገም ነገር ላይ አረጋግጣለሁ፦ ዘፋኙ ከዘፈኑ በፊት «እንደምን አመሻችሁ» ሲል፣ ወይም የግጥሙ መስመር መጨረሻ ቃል ላይ። ከተቻለ ሲንኩን ራሱ የምሠራው ከማሲንቆው መግቢያ ነው፤ እዚያ ከበሮ የለም፣ ዜማውም አይደገምም።

ሁለተኛው እያደገ የሚሄድ መዛነፍ ነው። መጀመሪያው ላይ ገጥሞ 3ኛው ደቂቃ ላይ ከለቀቀ፣ መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ተለዋዋጭ የፍሬም መጠን ነው። ስልክ ብርሃን ሲያንሰው በሰከንድ ከ30 ፍሬም ወደ 24 ይወርዳል፣ መብራት ሲበራ ይመለሳል፤ አንዳንድ የኤዲት ፕሮግራም ደግሞ ሁሌም 30 እንደሆነ አድርጎ ይቆጥራል። የቪዲዮ ፋይልን ዝርዝር በሚያሳየው `MediaInfo` ላይ `Frame rate mode: Variable` ካያችሁ አትጠራጠሩ። ክሊፑን እየቆራረጡ በእጅ ማስተካከል ይቻላል የሚሉ አሉ፤ እኔ ሞክሬው ያተረፍኩት ድካም ነው። ፕሮግራሙ ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት ሁሉንም ወደ ቋሚ 30 ለውጡ፦

```
ffmpeg -i kegn.mp4 -vf fps=30 -c:v libx264 -crf 16 -c:a pcm_s16le -ar 48000 kegn.mov
```

ፋይሉ ያብጣል፤ ያብጥ። ይህን መጀመሪያ ባደርግ ኖሮ የቀኙና የግራው ስልክ ችግር ግማሹ አይኖርም ነበር።

ሦስተኛው የትም ተጽፎ ያላገኘሁት ነው፤ ርቀት። ብርሃን ለሁሉም ስልክ በአንዴ ይደርሳል፣ ድምፅ ግን በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ብቻ ይጓዛል። የኋላው ስልክ ከስፒከሩ 31 ሜትር ስለራቀ እጁ ከበሮውን ሲመታ ካየ በኋላ ድምፁን የሰማው 90 ሚሊ ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው። ፕሮግራሙ የሁሉንም ድምፅ በትክክል ሲያገጥም የኋላው ምስል ከድምፁ ቀድሞ ይቀራል። በ30 ፍሬም ስሌቱ ቀላል ነው፦ ለየ11 ሜትር ተኩሉ አንድ ፍሬም። የግራውና የቀኙ ግማሽ ፍሬም እንኳ አይሞሉም፣ የመሀሉ አንድ ፍሬም ከትንሽ፣ የኋላው 2.7፣ የፎቁ 3.3። መልቲካሙን ከፍቼ፣ የመሀሉን ድምፅ ሳልነካ፣ የየአንግሉን ምስል በዚያው ልክ ወደ ቀኝ፣ ማለትም ወደ ኋለኛው ሰዓት፣ ገፋሁት። ሲያጠራጥረኝ ወደ ታች አጠጋጋሁ፤ የኋላውን 2፣ የፎቁን 3። ዓይን ድምፅ ትንሽ ዘግይቶ ሲመጣ ይታገሣል፣ የሩቅ ነገር በተፈጥሮም እንደዚያ ነውና፤ ድምፅ ከምስል ሲቀድም ግን ወዲያው ይነቃል። ርቀቱ የሚለካው ድምፁ ከሚወጣበት ስፒከር እንጂ ከዘፋኙ አይደለም። ቀራጩ መሀል ላይ ተነሥቶ ወደ ፊት ከሄደ ደግሞ ያን ክሊፕ ሁለት ቦታ ቆርጣችሁ ለየብቻ ግፉት።

እንግዲህ መለያው ይህ ነው። ስህተቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ሆኖ ልክ አንድ ዙር ከሆነ ምት ዘሏል፣ እኩል ሆኖ ሁለት ሦስት ፍሬም ከሆነ ርቀት ነው፣ እያደገ ከሄደ የፍሬም መጠን ነው። መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ሁለት ነጥብ ሳላይ አንድም ክሊፕ አላልፍም።

ከተገፋ በኋላም ቢሆን የሩቅ ስልክ ለእጅና ለአፍ አይታመንም፤ የቀረውን ሽርፍራፊ ፍሬም ቅርብ ምስል ላይ ዓይን ይይዘዋል፣ በተለይ ከቅርቡ ስልክ ወደ እሱ ሲዘለል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ምርጫ ጥራትን ትቼ በርቀት ነው የማደርገው። የፎቁ በ4ኬ ስለሆነ ዙም አድርጎ ፊት ማሳየት ያጓጓል፤ አላደረግሁትም።

የማሲንቆውን መግቢያ በግራው ስልክ ብቻ ከ20 ሰከንድ በላይ ሳልቆርጥ ያዝኩት። ቀስቱና የግራ እጁ ጣቶች አብረው የሚታዩት እዚያ ብቻ ነው፤ በየ4 ሰከንዱ አንግል ቀይሩ የሚለውን ምክር ሰምቼ ባደርገው ዜማው ይበጣጠስ ነበር። ከበሮው ሲገባ ወደ ፎቁ ዘለልኩ፣ አዳራሹ ሁሉ ሲነሣ የሚታየው ከላይ ነውና። መቁረጫውን ምቱ ላይ ሳይሆን ከምቱ ሁለት ፍሬም ቀድሜ አደረግሁ፤ ያኔ ምቱ ራሱ በአዲሱ ምስል ውስጥ ያርፋል።

ዘፋኙና ማሲንቆው በሚቀባበሉበት ክፍል ከግራው ወደ ቀኙ በቀጥታ መዝለል አይሆንም። አንዱ ከግራ ሌላው ከቀኝ ስለቀረጸ ሁለቱ ሰዎች ጀርባ የተሰጣጡ ይመስላሉ፤ መሀላቸው አንድ ጊዜ የመሀሉን ማስገባት ያስፈልጋል። የቀኙ በቁመት የተቀረጸ ስለሆነ ሙሉ ስክሪን ሲሞላ ከ1920 ፒክስል ቁመቱ የሚተርፈው 607 ብቻ ነው፤ ሲለጠጥ ይፈዛል። በምትኩ ስክሪኑን ለሁለት ከፍዬ በግማሹ ዘፋኙን በግማሹ ማሲንቆውን ጎን ለጎን አኖርኩ። ግማሽ ስክሪን 960 በ1080 ስለሆነ የቀኙ ምስል ምንም ሳይለጠጥ ይበቃዋል። የምኮራበት ክፍል ይህ ነው።

ግጥም ሲወረወር ፊቱን ከመስመሩ መጨረሻ በፊት አትልቀቁት። ወርቁ የሚወጣው በመጨረሻዋ ቃል ነው፤ ሳቁና ጭብጨባው ደግሞ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ቃሉ ካለቀ አንድ ሰከንድ ያህል ጠብቄ ወደ ታዳሚው ዘለልኩ። የታዳሚው ምስል የተገኘው የመሀሉ ቀራጭ ስልኩን ወደ ጓደኞቹ ካዞረበት ስድስት ሰከንድ ነው። በመጀመሪያው ኤዲት «የተበላሸ» ብዬ ጥዬው ነበር፤ ሳስበው ይቆጨኛል።

እስክስታው ላይ የቀኙ ስልክ አልቋል፣ የግራው ደግሞ ጨፋሪዎቹን ከወገብ በላይ ቆርጧቸዋል። የትከሻው እንቅስቃሴ ከጉልበቱ ጋር ካልታየ ግማሽ ነው፤ ስለዚህ 2 ፍሬም የተገፋውን የኋላውን ተጠቀምኩ። ትከሻ ከከበሮ እጅ ይልቅ ይቅር ባይ ነው፣ የቀረው ሽርፍራፊ አይታይም። አንድ ዙር እስክስታ ተጀምሮ እስኪጨርስ፣ 18 ሰከንድ ቢሆንም፣ ምንም ቁረጥ አላስገባሁም። ጨፋሪዋ አንገቷን ስታቆም የፎቁ ሰፊ ምስል ይገባና ጭብጨባው እስኪሰክን እዚያው ይቆያል።