የግራው ቅርንጫፍ ሲዘጋ፦ ኢሲጂ ላይ ካለው ሰፊ ሞገድ እስከ ልብ ግድግዳ

ድሬዳዋ የምሠራበት ክሊኒክ ያለው፣ የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበው የኢሲጂ ማሽን ወረቀቱ አናት ላይ ፍርዱን አትሞ ይሰጣል። LBBB ይላል፣ አለቀ። ሌፍት ባንድል ብራንች ብሎክ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን ወደ ልብ ግራ ክፍል የሚያወርደው ቅርንጫፍ መዘጋት መሆኑን ማንም ሐኪም ያውቃል። እኔን ያስጨነቀኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ይህ ሞገድ የተገኘበት ሰው ልቡ እንዴት ነው የሚጨመቀው? የትኛው ግድግዳ ይቀድማል፣ የትኛውስ ይዘገያል? መስፈርቱን መሸምደድ ይህን አይመልስም። ስለዚህ ነገሩን ከሥጋ ቤት ጀመርኩት።

አንድ የበግ ልብ ገዝቼ ቤት ወሰድኩና በስለታም ቢላ ከፈትኩት። በቀኙ የታችኛ ክፍል፣ ማለትም በቀኝ ቬንትሪክል ውስጥ፣ ከመሃለኛው ግድግዳ ተነስቶ ወደ ውጭኛው ግድግዳ የሚሻገር እንደ ገመድ ያለ የሥጋ ድልድይ ታያለህ። የቀኙ ቅርንጫፍ ከፊሉ በዚያ ውስጥ ያልፋል። ግራውን ስትከፍት ደግሞ ከመሃለኛው ግድግዳ ወደ ጎኑ ግድግዳ ክፍት ቦታውን አቋርጠው የሚሄዱ ቀጫጭን ነጭ ክሮች አሉ። በግና በሬ ላይ እነዚህ ክሮች በዓይን ስለሚታዩ ለመማሪያ ከሰው ልብ ይሻላሉ። ጃፓናዊው ሱናኦ ታዋራ እ.ኤ.አ. በ1906 የዚህን የኤሌክትሪክ መስመር ሙሉ መንገድ ከላይ እስከ ታች ተከትሎ ሲያሳይ የተጠቀመባቸው ልቦች ውስጥ የእንስሳት ልቦችም ነበሩበት።

ክሮቹን በጣቴ ነካክቼ ካየሁ በኋላ ቁጥሮቹ ትርጉም ሰጡኝ። በእነዚህ መስመሮች ላይ ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ከ2 እስከ 4 ሜትር ይጓዛል። ከሥጋ ወደ ሥጋ ሲተላለፍ ግን በሰከንድ ከ1 ሜትር በታች ነው። መስመሩ ጤነኛ ከሆነ ሁለቱም ቬንትሪክሎች በአንድ ጊዜ ማለት ይቻላል ይቀሰቀሳሉ፣ ይህን መቀስቀስ ኢሲጂው ላይ የሚያሳየው ሞገድ፣ ኪውአርኤስም፣ ጠባብ ይሆናል። ወረቀቱ በሰከንድ 25 ሚሊ ሜትር ሲሮጥ አንዷ ትንሽ ሳጥን 40 ሚሊ ሰከንድ ናት፤ ጤነኛው ኪውአርኤስ ከሦስት ትናንሽ ሳጥኖች አያልፍም።

ግራው ሲዘጋ ኤሌክትሪኩ በቀኙ ብቻ ይወርዳል። መጀመሪያ ቀኙን ቬንትሪክልና የመሃለኛውን ግድግዳ ቀኝ ፊት ይቀሰቅሳል። ከዚያ ያንን ወፍራም ግድግዳ በሥጋ ውስጥ እየተንፏቀቀ አቋርጦ ግራውን ዙሪያውን ሲያዳርስ መጨረሻ የሚደርሰው ወደ ጀርባ ባለው የጎን ግድግዳ ላይ ነው። አሁን ወረቀቱን እንደገና እየው። ከደረት አጥንት በስተቀኝ በምትለጠፈዋ የኢሲጂ ገመድ፣ በV1፣ ሞገዱ ወደ ታች ጥልቅ ነው፣ ምክንያቱም ጉዞው ሁሉ ወደ ግራ፣ ከእሷ እየራቀ ነው። ልቡን ከግራ በኩል በሚያዩት በV6 እና በI ሰፊ ሆኖ ወደ ላይ ይወጣል። ከፊቱ መኖር የነበረባት፣ ወደ ታች የምትወርደው ትንሿ የኪው ሞገድም የለችም፣ መሃለኛው ግድግዳ የተቀሰቀሰው ከግራ ወደ ቀኝ ሳይሆን ከቀኝ ወደ ግራ ነዋ። አናቱ ላይ ደግሞ ጎድጎድ ወይም ሁለት ጫፍ ይታያል። የመጀመሪያው ጫፍ ኤሌክትሪኩ መሃለኛውን ግድግዳ አቋርጦ የወጣበት፣ ሁለተኛው የጎኑን ግድግዳ የጨረሰበት ጊዜ ነው። እኔ ወረቀት ሳነሳ ቀድሜ የምፈልገው ይህችን ጎድጎድ ነው።

ምክንያቱም ማሽኑ ሁልጊዜ አይታመንም። ለዓመታት ደም ግፊት ያለበት ሰው ልቡ ወፍሮ ኪውአርኤሱ 125 ሚሊ ሰከንድ ሊደርስ ይችላል፣ ማሽኑም ዘሎ LBBB ይላል። ጎድጎዷ ከሌለች መስመሩ ላይዘጋ ይችላል፤ ሥጋው በዝቶ ጉዞው ረዝሞ ብቻ ይሆናል። ለዚህ ነው አጥብቀው የሚመዝኑት ለወንድ 140፣ ለሴት 130 ሚሊ ሰከንድና ከዚያ በላይ፣ ከጎድጎዷ ጋር የሚጠይቁት። የሴት ልብ በአማካይ ያንሳል፣ መንገዱም አጭር ነው።

እንግዲህ ወደ መጨመቁ። ጋቢ አጥበው ሁለት ሰዎች በሁለት ጫፍ ይዘው ሲጨምቁ አስብ። አንዱ ቀድሞ ሲያጠማዝዝ ሌላው ላላ አድርጎ ከያዘ ጋቢው ይዞራል እንጂ ውሃው አይወጣም። ግራው ሲዘጋ መሃለኛው ግድግዳ ቀድሞ ያጥራል። ያኔ ግፊቱ ገና ዝቅተኛ ነው፣ የጎኑም ግድግዳ ስላልተኮማተረ ይለጠጣል። በዚህ መሀል የአኦርታ ቫልቭ ገና አልተከፈተም። ቆይቶ የጎኑ ግድግዳ በተራው ሲኮማተር፣ ያም ከተለጠጠ በኋላ ስለሆነ ጠንክሮ፣ ሥራውን የጨረሰውን መሃለኛውን ወደ ቀኝ ይገፋዋል። ሁለቱም ሠርተዋል፣ ኦክስጅንም በልተዋል። ደም ወደ አኦርታ የወጣው ግን መውጣት ከነበረበት ያነሰ ነው። የሚትራል ቫልቭን የሚይዙት ሁለቱ ጡንቻዎችም በአንድ ጊዜ ስለማይጎትቱ ቫልቩ ሊያፈስ ይችላል።

ይህን ያለ ምንም ማሽን መስማት እንደሚቻል ሳውቅ በጣም ተደሰትኩ። ግራው ቬንትሪክል ዘግይቶ ስለሚጨርስ የአኦርታ ቫልቭም ዘግይቶ ይዘጋል። በጤነኛ ሰው ሁለተኛው የልብ ድምፅ ወደ ውስጥ ሲተነፍስ ይከፈላል፣ ወደ ውጭ ሲተነፍስ አንድ ይሆናል። እዚህ ግን ይገለበጣል። አየሩን ሲያስወጣ «ታ-ዳ» ብሎ ተከፍሎ ይሰማል፣ ወደ ውስጥ ሲስብ ይገጥማል። በሽተኛውን አስቀምጠህ ስቴቶስኮፑን ከደረት አጥንት በስተግራ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው የጎድን አጥንት መሀል ታደርጋለህ። በዝግታ እንዲተነፍስ ነው የምትነግረው፣ ትንፋሹን ቆልፎ ከያዘ አይረዳህም። ልቡ በፍጥነት ሲመታ ወይም ሰውዬው ወፍራም ሲሆን ግን ምንም አትሰማም፣ አትድከም። ያልተሰማ ማለት የለም ማለት አይደለም።

ሁሉም ነገር ተገጣጥሞ ያየሁት በአንዲት እናት ላይ ነው። ስልሳ ዓመት ገደማቸው ነው፣ ሐረር ጀጎል ውስጥ ቅመም ይነግዳሉ። «ልጄ፣ ያቺን ዳገት ድሮ ኬሻ ተሸክሜ ነበር የምወጣት፣ ዛሬ ባዶ እጄን ሁለት ጊዜ አርፋለሁ» አሉኝ። ማታ ማታ እግራቸው ያብጣል፣ ሲተኙ ሁለት ትራስ ይፈልጋሉ። ኢሲጂው ኪውአርኤስ 160፣ ማለትም አራት ትናንሽ ሳጥን ሙሉ፤ በI እና በV6 ግልጽ ጎድጎድ፣ ኪው የለም። «እማማ፣ ወደ ውስጥ ይሳቡ፣ አሁን ቀስ ብለው ያውጡ» እያልኩ ሳዳምጥ ሲያስወጡ ተከፈለ፣ ሲስቡ ገጠመ። የደረት ሕመም የላቸውም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፦ ይህ ብሎክ ባለበት ከV1 እስከ V3 ከኪውአርኤስ ቀጥሎ ያለው የኤስቲ መስመር ከፍ ማለት የሚጠበቅ ነው፣ ብቻውን የልብ ጥቃት ነው አይባልም። ደረት እያመመው የመጣ ሰው ከሆነ ግን በዚህ ተጽናንተህ ወደ ቤት አትልከውም።

ኢኮውን፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንዱን፣ የሠራልን የልብ ሐኪም ወዳጄ ነው። አጠገቡ ቆሜ ለመንኩት። መጀመሪያ የኢኮ ማሽኑን የራሱን የኢሲጂ ገመዶች ደረታቸው ላይ አስለጠፍኩ። ብዙ ቦታ ጊዜ ለመቆጠብ ተብሎ ይዘለላል፤ ያለ እሱ ግን የትኛው ግድግዳ መቼ እንደተንቀሳቀሰ የምትቆጥርበት መነሻ የለህም። ስክሪኑ ላይ ኪውአርኤስ ብቅ ሲል መሃለኛው ግድግዳ ወደ ግራ ዘለል ብሎ ተመለሰ። አጭር፣ ብልጭ እንደማለት ያለ እንቅስቃሴ ናት፣ ካላወቅካት ታልፍሃለች። ከዚያ አኦርታው ተከፈተ፣ ከዚያ የጎኑ ግድግዳ ዘግይቶ መጣ። የልቡ ጫፍ ራሱ መጀመሪያ ወደ መሃል፣ ቀጥሎ ወደ ጎን ሲወዛወዝ ነበር። ወዳጄ «አቦ፣ ይሄን ቪዲዮ አስቀምጠው» አለኝ።

ከዚያ በዶፕለር ለካን። ከኪውአርኤስ መነሻ ደም ወደ ሳምባው ቧንቧ እስኪወጣ 110 ሚሊ ሰከንድ፣ ወደ አኦርታ እስኪወጣ 170። ልዩነቱ 60 ነው፤ ከ40 ካለፈ ሁለቱ ቬንትሪክሎች አብረው አይሄዱም ይባላል። በእያንዳንዱ ምት ግራው የሚያስወጣው የደም ድርሻ 30 በመቶ ነበር። እንዲህ ያሉ የመዘግየት ልኬቶች ያስተምራሉ፣ ሕክምና የሚወሰነው ግን በእነሱ አይደለም። ለካኞች ይለያያሉ፣ ያው ሰውዬ ሁለቴ ሲለካም ሌላ ቁጥር ይመጣል። ውሳኔው ላይ የሚቆመው የኢሲጂው ቅርፅና ስፋት፣ የሚወጣው ደም ድርሻ፣ እንዲሁም በሽተኛው መድኃኒቱን ጠጥቶም የሚሰማው ነገር ነው።

ፉሮሲማይድ፣ ኢናላፕሪል፣ ካርቬዲሎልና ስፓይሮኖላክቶን ጀመርን፣ መጠኑን ቀስ በቀስ እያሳደግን። ካርቬዲሎሉን ከመጨመሬ በፊት ኢሲጂ እደግም ነበር፣ የቀኙም መስመር እየደከመ ከሆነ ፒአሩ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ከልቡ የላይኛ ክፍል ተነስቶ ቬንትሪክሎቹ እስኪደርስ የሚወስደው ጊዜ፣ ሲረዝም ቀድሞ ይነግረኛልና። ከወራት በኋላ እብጠቱ ጠፋ፣ በአንድ ትራስ ተኙ። ዳገቷ ላይ ግን አሁንም ያርፋሉ። የሚወጣው ደም 33 በመቶ፣ ኪውአርኤስ ያው 160። መድኃኒቱ ውሃውንና ግፊቱን ያቀልላል እንጂ የተዘጋውን መስመር አይከፍትም።

የሚወጣው ደም 35 በመቶና ከዚያ በታች፣ ኪውአርኤስ 150 ሚሊ ሰከንድና ከዚያ በላይ፣ እውነተኛ የግራ ብሎክ፣ በቂ መድኃኒትም ተሰጥቶ ምልክቱ ያልጠፋ። ይህ ሁሉ ሲገጥም ነው ሁለቱንም ወገን አብሮ የሚቀሰቅስ ፔስሜከር በጥብቅ የሚመከረው። አንዱ ሽቦ ቀኝ ቬንትሪክል ይገባል፣ ሌላው በልቡ ደም መላሽ ቧንቧ በኩል ዞሮ ያንን ዘግይቶ የሚነቃውን የጎን ግድግዳ ያገኘዋል። ሪፈራሉ ላይ «LBBB አለባቸው» ብቻ አልጻፍኩም። ስፋቱን፣ ጎድጎዷን፣ ብልጭታዋን፣ የመድኃኒቱን መጠንና የቆየበትን ጊዜ ዘርዝሬ የመጀመሪያውንና የኋለኛውን ኢሲጂ አያያዝኩበት። ወረፋና ወጪ ያለበት ነገር ስለሆነ ልጃቸውን ጠርቼ ቁጭ ብለን ተነጋገርን።

የቀኙ ብሎክ ሌላ ነገር ነው። በV1 መጨረሻ ላይ ሁለተኛ ጫፍ፣ በI እና በV6 ወደ ታች የሚወርድ ሰፊ የኤስ ሞገድ። ግራው በራሱ መስመር በጊዜው ስለሚነቃ የሚዘገየው ቀኙ ብቻ ነው፣ ግራውም በደህና ይጨመቃል። ጤነኛ ሰው ላይም ይገኛል። በቅርቡ አንድ የባጃጅ ሹፌር ለሥራ ምርመራ መጥቶ ይኼው ተገኘበት፤ ትንፋሹ ደህና፣ ሁለተኛው ድምፅ ሰፋ ብሎ የተከፈለ፣ ሲስብ ይበልጥ የሚሰፋ። ኢኮው ንጹሕ ነበር፣ ሸኘሁት። የግራ ብሎክ ኖሮት ኢኮው ደህና የሆነ ሰው ሲመጣ ግን እንዲህ በቀላሉ አልሸኝም። ግፊቱን አስተካክላለሁ፣ የልብ ደም ሥሩን ነገር እጠይቃለሁ፣ በዓመቱ ኢኮውን አስደግማለሁ፣ ያ የተዛባ አጨማመቅ አንዳንዱን ልብ በዓመታት ያደክመዋልና።