ቁልቁለት ስትወርድ የምታቃስተው ላም

በእንስሳት ሕክምና ሥራ ላይ ሳለሁ ከአርቢዎች የሚደርሱኝ መልእክቶች በአብዛኛው «ላሜ አትበላም፣ ቶሎ ይድረሱልኝ» ከሚል ብዙም አይርቁም ነበር። መብላት ያቆመች ላም ሳንባዋን፣ ጨጓራዋን፣ ማህፀኗን ወይም ግቷን ልትታመም ስለምትችል፣ እንዲህ ያለው መልእክት ሐኪሙ ምን ይዞ መሄድ እንዳለበትም ሆነ ከተሰለፉት ጥሪዎች የትኛውን ማስቀደም እንዳለበት አይነግረውም። ጥቂት ከብቶች ያሏቸው አንድ አርቢ በልጃቸው እጅ የላኩልኝ ደብዳቤ ግን ከዚህ የተለየ ነበር። ዋናው ክፍሉ እንዲህ ይላል፦

«ለተከበሩ ዶክተር፣

ጉዳዩ፦ የታመመች ላሜን በረቷ ድረስ መጥተው እንዲመረምሩልኝ ስለመጠየቅ።

ላሜ የ5 ዓመት ስትሆን ሁለት ጊዜ ወልዳለች፤ አሁን የ6 ወር እርጉዝ ናት። እስከ ሰኞ ድረስ በቀን 8 ሊትር ያህል ወተት ትሰጥ ነበር፤ ማክሰኞ ግን የጠዋቱም የማታውም ተደምሮ ከ3 ሊትር አልበለጠም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ድርቆሹን አሽትታ ትተወዋለች፣ ስታመሰኳም አላየኋትም። እበቷ ጥቂትና ደረቅ ያለ ነው። አታስልም፣ ከአፍንጫዋ የሚወርድ ነገር የለም፣ ግቷ አላበጠም፣ ወተቷም መልኩን አልለወጠም። ሆዷም አልተነፋም።

ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ አቋቋሟ ነው። ጀርባዋን ጎበጥ አድርጋ፣ የፊት እግሮቿን ክርኖች ከጎኗ አራርቃ ትቆማለች። ውኃ ልትጠጣ ቁልቁል ስትወርድ በየእርምጃዋ ታቃስታለች፤ ሽቅብ ስትመለስ ግን ድምፅ አታሰማም። በረት ውስጥ ስትሆን የፊት እግሮቿን ከፍ ባለው የበሩ ደፍ ላይ አውጥታ መቆም ታዘወትራለች።

ዘይት አጠጣት ያሉኝ ሰዎች ነበሩ፤ እርስዎ ሳያዩዋት ምንም ላለመስጠት ብዬ ተውሁት። ከማክሰኞ በፊት የታየ ምልክት ኖሮ ያላስተዋልሁ እንደሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ያለፈውን ሳምንት ድርቆሽ ከምንከምርበት ቦታ አጠገብ ያለውን የሽቦ አጥር ስጠግን ነው የሰነበትሁት። መራመድ ስለሚያማት ነድቼ ላመጣት አልደፈርሁም፤ ስለዚህ ነገ ሳይዘገይ ቢመጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።»

አርቢው የበሽታ ስም አልጠቀሱም፤ እኔን ግን የጠቀመኝ ይኸው ነው። ስም ጽፈው ቢሆን ኖሮ ያዩትን ሁሉ ለዚያ ስም በሚስማማ መንገድ መርጠው ይነግሩኝ ነበር። አለመኖሩን ያረጋገጡትን መጻፋቸውም ብዙ ሥራ አቅሎልኛል፤ ሳልና የአፍንጫ ፈሳሽ አለመኖሩ የሳንባ በሽታን፣ የግቱና የወተቱ ደህና መሆን ደግሞ የግት በሽታን ወደ ኋላ አስቀመጠልኝ። ቁልቁል ስትወርድ ብቻ ማቃሰቷ ግን ወደ አንድ ቦታ ጠቆመኝ፤ ቁልቁለት ላይ የሆድ ዕቃው ክብደት ወደ ደረት ስለሚገፋ፣ እዚያ አካባቢ ቁስል ያለባት ላም በዚያች ሰዓት ይብስባታል። የፊት እግሮቿን ደፉ ላይ ማውጣቷም ያንኑ ክብደት ወደ ኋላ ለመመለስ ነው።

እንደ ይቅርታ መጠየቂያ የተጻፈችው የአጥሩ ነገር ደግሞ ለእኔ የደብዳቤው ቁልፍ ነበረች። ላም መኖዋን አላምጣ ለይታ አትውጥም፤ ድርቆሽ ውስጥ የገባ ቁራጭ ሽቦ አብሮ ይወርድና ከትልቁ ጨጓራ ፊት ባለችው፣ ውስጧ እንደ ማር እንጀራ ባለ ቀዳዳ በተዋቀረችው ትንሽ የጨጓራ ክፍል ውስጥ ይቀራል። ይህች ክፍል በተኮማተረች ቁጥር ሹሉ ሽቦ ግድግዳዋን ይወጋል። ከፊቷ ያለው ሆድን ከደረት የሚለየው ጡንቻ፣ ድያፍራም ነው፤ ከድያፍራሙ ማዶ ደግሞ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቀት ልብ አለ። እርግዝናው እየገፋ ሲሄድም ማህፀኑ ጨጓራውን ወደ ፊት ስለሚገፋው አደጋው ይጨምራል።

በማግስቱ ስደርስ ላሟ እንደተጻፈው የፊት እግሮቿን ደፉ ላይ አውጥታ ቆማ ነበር። ሙቀቷ 39.6 ዲግሪ፣ የልብ ምቷ በደቂቃ 88 ሆኖ አገኘሁት፤ ሁለቱም ከጤነኛ ላም ጥቂት ከፍ ያሉ ናቸው። ጫንቃዋን በሁለት እጄ ጨመቅ አደረግሁት። ጤነኛ ላም እንዲህ ሲደረግባት ጀርባዋን ወደ ታች ታሰርጋለች፤ ይህቺ ግን ጀርባዋን አደንድና አቃሰተች። ቀጥሎ አርቢውና ልጃቸው አንድ አጣና ከደረቷ አጥንት ጀርባ በሆዷ ሥር አሳልፈው ከግራና ከቀኝ ቀስ ብለው ሲያነሱት፣ እኔ ማዳመጫዬን ጉሮሮዋ ላይ አድርጌ ሳዳምጥ፣ ከውጭ በጭራሽ የማይሰማ አጭር ማቃሰት ሰማሁ። እነዚህ ምርመራዎች የሚያሳዩት ሕመም መኖሩን እንጂ ሽቦውን አይደለም። ከጥቂት ቀናት በኋላ የተወጋው ቦታ ከአጎራባቹ አካል ጋር ሲጣበቅ ሕመሙ ይቀንሳል፤ ያኔ ላሟ ባታቃስትም ሽቦ የለም ማለት አይቻልም። እኛ ግን የደረስነው በጊዜው ነው።

ሽቦውን የሚስብ ማግኔት ከማስዋጤ በፊት ልቧን ደጋግሜ አዳመጥሁ። ሽቦው ወደ ልብ ሽፋን ዘልቆ ቢሆን ኖሮ የልቧ ድምፅ ይደበዝዛል ወይም እንደሚንቦጫረቅ ውኃ ይሰማል፣ የአንገቷ ደም ሥር ይወጠራል፣ በፊት እግሮቿ መካከል ያለው የደረቷ ቆዳም ያብጣል፤ እዚያ ደረጃ የደረሰችን ላም ማዳን እጅግ ይከብዳል። ከእነዚህ አንዱም አልነበረም።

ጣት የሚያህል፣ ጫፎቹ የዶለዶሙ የከብት ማግኔት በክኒን መስጫ መሣሪያ ከምላሷ ኋላ ድረስ አስገብቼ አስዋጥኋት። ማግኔቱ በጨጓራው መኮማተር እየተገፋ ወደዚያችው ትንሽ ክፍል ይወርድና ሽቦውን ስቦ ወደ ውስጥ ይይዘዋል። ግድግዳውን አልፎ ሙሉ በሙሉ የወጣን ሽቦ አይመልስም፤ መዳብና አሉሚኒየምንም አይስብም። ለቁስሉ ለ5 ቀን ፔኒሲሊን አዘዝሁ፤ ወተቷም መድኃኒቱ በሚሰጥበት ጊዜና ከዚያም በኋላ በብልቃጡ ላይ ለተጻፉት ቀናት ለሰውም ለገበያም እንዳይውል ተነጋገርን። የምትቆምበትን ወለል ከፊት በኩል 20 ሴንቲ ሜትር ያህል በአፈርና በሳንቃ ከፍ አድርገን ከበረት እንዳትወጣ፣ ውኃም እዚያው እንዲቀርብላት አደረግን። በ3 ቀን ውስጥ መብላት ካልጀመረች ጨጓራዋን በቀዶ ጥገና ከፍቶ ሽቦውን በእጅ ማውጣት ሊያስፈልግ እንደሚችል ለአርቢው አልሸሸግኋቸውም።

ከመሄዴ በፊት ድርቆሹን ስንበትን ከክምሩ ግርጌ የጣት ርዝመት ያላቸው ቁርጥራጭ ሽቦዎች አገኘን። አርቢው ምንም ሳይናገሩ ባልዲ አምጥተው መልቀም ጀመሩ።

ላሟ በሦስተኛው ቀን ማመስኳት ጀመረች፤ ሙቀቷም ወረደ። በሳምንቱ የደረሰኝ ሁለተኛው ደብዳቤ አጭር ነበር፤ ወተቷ ወደ 6 ሊትር መመለሱን ከነገሩኝ በኋላ ማግኔቱ መቼ እንደሚወጣ ጠይቀዋል። እንደማይወጣ፣ ዕድሜዋን ሙሉ እዚያው እንደሚቆይ፣ አንድ ዓመት ያለፋት ጊደራቸውም ብትውጥ እንደሚበጅ ጻፍሁላቸው። ለወደፊቱ ከሌላ ሰው ለሚገዟት ላም ደግሞ ሌላ ማግኔት ከመስጠታቸው በፊት፣ ከግራ ክርኗ ኋላ ደረቷ ሥር ኮምፓስ ቢያስጠጉና መርፌው ቢዞር ቀድሞ የዋጠችው ማግኔት እንዳላት ሊያውቁ እንደሚችሉ ጨመርሁበት።