«ብላክ ስሞል ባግ» ምኑ ይከፋል?

የቆዳ ቦርሳ እየሠራች ውጭ አገር ላሉ ገዢዎች የምትሸጥ የአክስቴ ልጅ የዕቃዎቿን የእንግሊዝኛ መግለጫ እንዳርምላት ላከችልኝ። ፊደሉም ሰዋስዉም ደህና ነው። ጆሮዬን የቆረቆረኝ የቅጽሎቹ አሰላለፍ ብቻ ነበር፦ «ብላክ ስሞል ባግ»፣ «ብራውን ቢዩቲፉል ባግ»፣ «ቢግ ናይስ ባግ»። እዚያው መሐል ያለው «ቢግ ቢዩቲፉል ባግ» ግን ምንም አላለኝም። ስነግራት፣ «ምኑ ላይ ነው ስህተቱ? ቦርሳው እኮ ጥቁር ነው፣ ትንሽ ነው። የትኛው ቢቀድም ምን ይለወጣል?» አለችኝ። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። በአማርኛ «ትንሽ ጥቁር ቦርሳ» ብንልም «ጥቁር ትንሽ ቦርሳ» ብንልም የሚያኮርፍ ጆሮ የለም።

በትምህርት ቤት የምናውቀው መልስ ሰንጠረዡ ነው፦ መጀመሪያ አስተያየት፣ ከዚያ መጠን፣ ዕድሜ፣ ቅርጽ፣ ቀለም፣ የመጡበት አገር፣ የተሠሩበት ነገር። ለጀማሪ ይጠቅማል። ችግሩ የሁሉንም ጥሰት ክብደት እኩል ማድረጉ ነው። በሰንጠረዡ ከሄድን «ቢግ ቢዩቲፉል ባግ» መጠንን ከአስተያየት ስላስቀደመ እንደ «ብላክ ስሞል ባግ» ጥፋተኛ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ግን እንደዚያ አይሰማውም። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ ኮንግረስ ያጸደቀውና ወደ ውጭ በጥሬ ገንዘብ በሚላክ ሐዋላ ላይ አንድ በመቶ ግብር በመጣሉ እኛንም የነካን ሕግ መጠሪያው «ዋን ቢግ ቢዩቲፉል ቢል» ነው። በሕጉ ይዘት የተጣላ ብዙ ነው፤ «ቢግ» ከ«ቢዩቲፉል» መቅደሙ ግን የእንግሊዝኛ አይደለም ያለ አላጋጠመኝም።

ስለዚህ ሰንጠረዡን ትቼ ሌላ መመዘኛ ያዝኩ። ግሬጎሪ ስኮንትራስ፣ ጁዲት ዴገንና ኖህ ጉድማን እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት፣ ቅጽል ከስሙ የሚርቀው የተናጋሪው የግል ፍርድ በበዛበት ልክ እንደሆነ አሳይተዋል። ፈተናው ቀላል ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ቦርሳ አይተው አንዱ «ያምራል»፣ ሌላው «አያምርም» ቢሉ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። «ትልቅ ነው»፣ «አይ፣ ትንሽ ነው» ቢባባሉም ለገበያ የሚይዘውና ለመንገድ የሚይዘው ሰው ስለሚለያዩ ያስኬዳል። «ጥቁር ነው»፣ «አይ፣ ቀይ ነው» ከተባባሉ ግን አንዱ ዓይኑን መታየት አለበት። ቀለም ለክርክር እምብዛም ስለማይመች ከስሙ ጎን ይቀመጣል፤ መጠን ከሱ ይርቃል፤ አስተያየት ከሁሉም ይርቃል።

የዚህ መመዘኛ ጥቅሙ የስህተቱን መጠን መናገሩ ነው። አስተያየትና መጠን ሁለቱም ለክርክር ክፍት ስለሆኑ ጎረቤት ናቸው፤ ቢቀያየሩ ጆሮ ይታገሣል። መጠንና ቀለም ግን ይራራቃሉ፣ አስተያየትና ቀለም ደግሞ ይብሳሉ። «ብራውን ቢዩቲፉል ባግ» ከሁሉም በላይ የቆረቆረኝ ለዚህ ነው።

ጆሮዬን ብቻ አምኜ መፍረድ ስላልፈለግሁ የጉግልን የመጻሕፍት ቃላት መቁጠሪያ ከፈትሁ። ሁለቱን አሰላለፎች በነጠላ ሰረዝ ለይቶ መጻፍ ይበቃል፦

```
small black bag,black small bag
big beautiful house,beautiful big house
```

በመጀመሪያው ጥያቄ መጠንን ያስቀደመው ሐረግ ተወዳዳሪ የለውም። በሁለተኛው ሁለቱም አሰላለፍ በመጻሕፍት ውስጥ አለ። እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ መሣሪያው ከ40 ባነሱ መጻሕፍት የተገኘን ሐረግ አያሳይም፤ ስለዚህ «አልተገኘም» ሲል «ስህተት ነው» ማለቱ አይደለም። ብርቅ ስም ካስገባችሁ ትክክለኛው አሰላለፍም ሊጠፋ ይችላል፤ እንደ ቦርሳና ቤት ያለ ተራ ስም ምረጡ። ሁለተኛ፣ ስሙን ሳትጨምሩ ሁለቱን ቅጽሎች ብቻ አትፈልጉ። «ብላክ ስሞል» ብላችሁ ብትፈልጉ «ብላክ ስሞል ቢዝነስ ኦውነርስ» የሚለው፣ አሜሪካ ውስጥ ስለ ጥቁር የአነስተኛ ንግድ ባለቤቶች ሲጻፍ የተለመደው ሐረግ ይቆጠርላችኋል። እሱ ደግሞ ፍጹም ትክክል ነው። «ስሞል ቢዝነስ» ተጣብቆ አንድ ስም ሆኗል፤ «ስሞል» እዚያ የሚለካ መጠን ሳይሆን የንግዱ ዓይነት ነው። አንድ ሆኖ የተጣበቀን ስም ማንም ቅጽል መሐሉ ገብቶ አይለያየውም።

ቁጥሩ ያልፈታልኝ «ቢግ ናይስ ባግ»ን ነበር። አስተያየትና መጠን ጎረቤት ከሆኑ ይኼ ለምን ይቆረቁራል? በእንግሊዝኛ አፏን የፈታች አንዲት የሥራ ባልደረባዬን ጠየቅኋት። «ይኼ ስህተት ነው?» ብዬ አልጠየቅኋትም፤ እንዲህ ሲጠየቅ ሰው ስህተት መፈለግ ይጀምራል፣ ደጋግሞ ሲለውም ሁሉም እንግዳ ወይም ሁሉም ደህና ይሆንበታል። ይልቅ ጥንድ ጥንዱን በሙሉ ዓረፍተ ነገር ጽፌ፣ መሐል መሐሉ ላይ የማያጠራጥሩ ሌሎች ዓረፍተ ነገሮች ሰንቅሬ፣ «ለጓደኛሽ ብትጽፊ የትኛውን ትጽፊ ነበር?» አልኳት። ሳታመነታ «ናይስ ቢግ ባግ» አለች። «ናይስ» እዚያ ቦርሳውን ብቻ አያሞግስም፤ «ቢግ»ንም ይደግፋል፣ ትልቅነቱ ራሱ ደስ ይላል እንደ ማለት ነው። «ናይስ» እና «ላቭሊ»ን የመሰሉ ለሁሉም ነገር የሚሆኑ ጠቅላላ የምስጋና ቃላት የፊቱን ቦታ አይለቁም። «ቢዩቲፉል» የራሱ ይዘት ስላለው ከመጠን ኋላም ይገባል። በ«ቢግ ቢዩቲፉል» እና በ«ቢዩቲፉል ቢግ» ላይ ግን ረጅም ጊዜ አሰበችና ትከሻዋን ነቀነቀች። ለእኔ ያ ማመንታት ከመልስ አላነሰም።

ከዚያ ወደ እርማቱ ገባሁ። «ብላክ ስሞል» እና «ብራውን ቢዩቲፉል»ን ያለ ርኅራኄ ገለበጥኳቸው። «ቢግ ናይስ»ንም ገለበጥሁ። «ቢግ ቢዩቲፉል»ን እንዳለ ተውኩት፤ ብዙ አራሚዎች ሰንጠረዡን ይዘው ይኼንንም ያስተካክላሉ፣ እኔ ግን የተማሪን ትክክለኛ ዓረፍተ ነገር በቀይ እስክሪብቶ ማጨቅየት አልወድም። ሦስትና አራት ቅጽል በተከመረበት ቦታ ደግሞ ክምሩን አፈረስኩት፤ ቅጽሎቹ ከስሙ ፊት ተነሥተው «ዘ ባግ ኢዝ» ከሚለው በኋላ ሲመጡ አሰላለፉ ያን ያህል አያስጨንቅም። የተገለበጠ አሰላለፍ ትርጉም እንደማያጠፋም ነግሬአታለሁ። ገዢው የትኛው ቦርሳ እንደሆነ አይስትም፤ የሚሰማው ጽሑፉ ከሌላ ቋንቋ መምጣቱ ነው።

በጽሑፉ ውስጥ ቀለም ከመጠን ቀድሞ ያልነካሁት አንድ ቦታ ብቻ ነበር። አንዲት ደንበኛ ሁለት ትናንሽ ቦርሳዎች፣ ቡኒና ጥቁር፣ አዝዛ የትኛው መጀመሪያ እንዲላክላት ስትጠይቅ የተሰጠ መልስ ነው፦ «ዘ ብላክ ስሞል ባግ ፈርስት»። ሁለቱም ትንሽ መሆናቸው ታውቋል፤ የሚለያቸው ቀለሙ ነው። ድምፅ «ብላክ» ላይ ጠንከር ሲል አሰላለፉ መገልበጡ ያስኬዳል። ነገር ግን በጽሑፍ ድምፅ አይሰማም፤ ከፊቱ ያለው ጥያቄ ከጠፋ ያው ሐረግ ተመልሶ ይቆረቁራል። ስለዚህ ያንን መልስ ለብቻው ቆርጣ ሌላ ቦታ እንዳትጠቀምበት ጎኑ ላይ ማስታወሻ ጻፍኩላት።