ወላጅ ፊት ከመቅረብ በፊት፦ የደብረ ብርሃን ልጅና የፍቼ ልጅ

አፏን በአማርኛ የፈታች የደብረ ብርሃን ልጅ እና አፉን በኦሮምኛ የፈታ የፍቼ ልጅ ለቤተሰብ ከመተዋወቃቸው በፊት ምን ይለማመዱ? እስካሁን የሠራልንን እናካፍላችሁ። ሁለቱም ኦርቶዶክስ ከሆኑ ጾሙ አንድ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ አያጣላም። አንደኛው ከከሚሴ ሙስሊም ቤት ከሆነ ግን የሥጋው ነገር ይቀድማልና እሱ ራሱን የቻለ ጨዋታ ነው።

ለእሷ መጀመሪያ የሚያስፈልጋት አክብሮት ነው። ሰላምታ ላይ ኦሮምኛ ለእኩያ «አካም ጅርታ» ሲል ለትልቅ ሰው «አካም ጅርቱ» ይላል። ምስጋናም ለእኩያ «ገለቶሚ»፣ ለእናቱ «ገለቶማ» ነው። አማርኛ ተናጋሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «ገለቶሚ» እንደ «ተቀመጪ» ለሴት ብቻ ይመስለዋል፣ ግን ለወንድም ለሴትም ያው ነው። «ኮቱ» ደግሞ እንደ «ኑ» ይሰማና የአክብሮት ይመስላል፤ ግን «ና» ወይም «ነይ» ለማለት ለአንድ እኩያ የሚባል ነው፣ ለአዛውንት «ኮታ» ይባላል። የሚጠብቀውንና የሚላላውን ፊደላችን ስለማያሳይ በወረቀት ይዞ ማጥናት አያዋጣም። እሱ በስልኩ ድምፁን ይቅዳላት፣ እሷም እየሰማች ትድገመው።

የእሱ ችግር ሌላ ነው። በኦሮምኛ «አቲ» ወንድም ሴትም ስለሆነ አማርኛ ላይ አንተና አንቺ ይምታታበታል፤ ሲደነግጥ ደግሞ እናቷን «ተቀመጪ» ይላል። ቤቱ ይህን የሚሰማው እንደ ንቀት እንጂ እንደ ቋንቋ ስሕተት አይደለም። ሰዋስው ከማስጠናት ይልቅ «እንደምን ዋሉ»፣ «ይቀመጡ»፣ «እግዜር ይስጥልኝ» የሚሉትን አፉ ላይ እስኪለምዱ ማስደጋገም ይሻላል። እሷም ቀድማ ለእናቷ ብትነግር ጥሩ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የዘር ጥያቄ ነው። እናቱ «ጎስቲ ኬ ማሊ?» ብለው ጎሳዋን ሲጠይቁ፣ ከተማ ያደገች ልጅ ብሔሯን የሚመረምሩ መስሏት ትከፋለች። ብዙ ጊዜ ግን የሚፈልጉት ዝምድና መኖር አለመኖሩን ነው፤ በኦሮሞ ወግ ከአንድ ጎሳ አይጋቡምና። በእሷም ቤት ሰባት ቤት ይቆጠራል። ልዩነቱ አቆጣጠሩ ላይ ነው። በእሱ ወገን የሚከተሉት የአባትን ሐረግ ሲሆን በእሷ ወገን በአባትም በእናትም ይቆጠራል። ስለዚህ ልጁ የአባቶቹን ስም ሳያቋርጥ ከዘረዘረ በኋላ «በእናትህ በኩልስ?» ሲባል ዝም ይላል። ሽማግሌው ደግሞ የደበቀ ነገር ያለ ይመስለዋል። ከመሄዱ በፊት የእናቱን አባትና እናት፣ የእነሱንም ወላጆች እስከሚታወቁበት ድረስ ከነአገራቸው አያቱን ጠይቆ ይጻፍ። እሷም የአባቶቿን ስም በተራ ትያዝ።

ጥያቄው ምን እንደሚፈልግ የሚታወቀው በሚከተለው ነው። «የማን ልጅ? ከየት መንደር?» እያለ ከቀጠለ ዝምድና እየተፈለገ ነው። ብሔር ላይ ቆሞ ከቀረና ፊት ከጠቆረ ግን እንግዳው አይመልስ፤ የቤቱ ልጅ ለብቻው ሆኖ ከወላጆቹ ጋር ይነጋገርበት።