0.73 ያመጣው ፈተና

ለተግባር ልምምድ እኛ ትምህርት ቤት የተመደበች አንዲት የታሪክ ሠልጣኝ አለችኝ። ጎበዝ ናት። ሰሞኑን የምዕራፍ ማጠቃለያ ፈተና አወጣች፣ ፈተነች፣ አረመች። ከዚያ አንድ ቁጥር በቀይ እስክሪብቶ አክብባ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ይዛልኝ መጣች።

«መምህር፣ አስተማማኝነቱን አሰላሁት። 0.73 መጣ!»

ደስ ብሏታል፤ ደስ ሊላት ይገባልም። አስተማሪ ራሱ ላወጣው ፈተና 0.73 የሚናቅ አይደለም። ስሌቱንም አየሁት፣ ትክክል ነው። የተጠቀመችው ኩደርና ሪቻርድሰን በ1937 እ.ኤ.አ. ካወጧቸው ቀመሮች ቀላሉን፣ 21ኛውን ነው። ይህን ቀመር የምወደው የሚፈልገው ሦስት ነገር ብቻ ስለሆነ ነው። የጥያቄዎቹ ብዛት፣ የክፍሉ አማካይ ውጤትና የውጤቶቹ መበታተን። የእሷ ፈተና 20 የምርጫ ጥያቄ ነበረው፣ አማካዩ 11፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 4። 11ን በ9 (ከ20 በቀረው ማለት ነው) ታባዣለሽ፣ 99። 20ን በ4 ስኩዌር፣ በ16 ታባዣለሽ፣ 320። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ስታካፍዪ 0.31፣ ያንን ከ1 ስትቀንሺ 0.69። በመጨረሻ በ20/19 ታባዢዋለሽ፣ 0.73። አለቀ።

ቁጥሩ የሚናገረው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው። ጥያቄዎቹ በአብዛኛው ወደ አንድ አቅጣጫ ይጎትታሉ፤ አንዱን የመለሰ ልጅ ሌላውንም የመመለስ ዕድሉ ሰፊ ነው። ወደየት ነው የሚጎትቱት? እሱን አይናገርም።

«ወረቀቶቹ አሉ?» አልኳት።

«አሉ።»

«እንግዲያው አንድ በአንድ እንያቸው።»

ሠልጣኞች የጥያቄ ትንተና ሲባሉ ኮምፒውተር የሚፈልግ ነገር ይመስላቸዋል። ጠረጴዛና ወረቀት ይበቃል። 45ቱን ወረቀት ከከፍተኛው ውጤት ወደ ዝቅተኛው ደረደርናቸው። ከላይ 27 በመቶ፣ ከታች 27 በመቶ ይወሰዳል፤ ከ45 ልጅ 12 ከላይ፣ 12 ከታች ማለት ነው። የመሃሎቹን 21 ወረቀቶች ነፋስ እንዳይበትናቸው የጠመኔ ካርቶን ጭነንባቸው ወደ ጎን አደረግናቸው። ከዚያ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ማን ሀ አለ፣ ማን ለ አለ እያልን በየቡድኑ መስመር እየጫርን ቆጠርን። እሷ ታነባለች፣ እኔ እጽፋለሁ። አሰልቺ ነው፣ አልዋሽም። በተለይ ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ሁሉ ቡናውን ጠጥቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ።

ሰባተኛው ጥያቄ ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ።

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ ጎንደር የተቆረቆረችው መቼ ነው? ሀ) 1628 ለ) 1636 ሐ) 1769 መ) 1855። አንሰር ኪው «ሀ» ነው። ከላይኞቹ 12 ልጆች 8ቱ «ለ» ብለዋል፣ 4ቱ ብቻ «ሀ»። ከታችኞቹ ግን 7ቱ «ሀ» ብለዋል፣ 2 «ለ»፣ 2 «ሐ»፣ 1 «መ»።

ብዙ መምህር ቢያሰላ የሚያሰላው ክብደቱን ብቻ ነው፣ ስንቱ መለሰ ለማለት። ከ24ቱ 11 መልሰዋል፣ 0.46። ግማሽ ገደማ። ከባድም አይደለም፣ ቀላልም አይደለም፣ እዚያ ላይ ቆመሽ ብትሆኚ «ቆንጆ ጥያቄ» ብለሽ ታልፊዋለሽ። የመለየት ኃይሉን ስናይ ነው ጉዱ የሚወጣው። ከላይኞቹ የመለሱት 4፣ ከታችኞቹ የመለሱት 7፣ ልዩነቱ ለ12 ሲካፈል −0.25። ኔጋቲቭ! ጎበዞቹን የሚጥል፣ ሰነፎቹን የሚያሳልፍ ጥያቄ ማለት ነው።

ኔጋቲቭ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አንሰር ኪው ነው። ቀጥሎ ደግሞ ሁለት ትክክለኛ መልስ ያለው ጥያቄ። እዚህ የሆነው ሁለተኛው ነበር። 1636 እ.ኤ.አ. ነው፣ 1628 ደግሞ በእኛ አቆጣጠር። ያው ዓመት ነው፣ ሁለቱም ትክክል ናቸው! ጥያቄው ግን በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አይልም። በማግስቱ ልጆቹን ራሳቸውን ጠየቅናቸው፤ ይህን እርምጃ ማንም እንዳይዘልለው እላለሁ፣ ምክንያቱም ቁጥሩ የቱ ጋ እንዳመመ ይጠቁማል እንጂ በሽታውን አይናገርም። ከላይኞቹ አንዷ ደብተሯን ገልጣ «ቲቸር፣ እርስዎ ያስጻፉን እኮ 1636 ነው» አለቻት። ከታችኞቹ አንዱ ደግሞ ደብተር የሚባል ነገር አላወጣም፤ «አያቴ ናቸው የነገሩኝ» አለ። አያቱ እውነታቸውን ነው። ትምህርቱን የተከታተለው ልጅ ግን በመከታተሉ ተቀጣ።

ሁለቱንም መልስ ተቀበልን። ያኔ ከላይኞቹ 12ቱም፣ ከታችኞቹ 9 መለሱ፤ የመለየት ኃይሉ ከ−0.25 ወደ 0.25 ወጣ። በጣም ጥሩ የሚባለው 0.40 እና ከዚያ በላይ ስለሆነ ተአምር አይደለም፣ ግን ቢያንስ አቅጣጫው ተቃና። ለሚቀጥለው ጊዜ ጥያቄው ላይ «እ.ኤ.አ.» የሚል ይጨመራል፣ 1628 ከምርጫዎቹ ይወጣል።

ሦስተኛው ጥያቄ በተቃራኒው ነበር። የፋሲል ግንብ የሚገኘው በየትኛው ከተማ ነው ይላል። ከላይ 12፣ ከታች 12፣ ሁሉም መልሰዋል። የመለየት ኃይሉ ዜሮ። እዚህ ከሠልጣኟ ጋር ትንሽ ተከራከርን። ሁሉም የመለሰው ጥያቄ ሁልጊዜ መጥፎ አይደለም። ደክመሽ አስተምረሽ ሁሉም ከገባው፣ ዜሮው የድካምሽ ውጤት ነው። ግን ይህን ልጆቹ ከእሷ ክፍል አልተማሩትም። ወደ ፒያሳ በወጡ ቁጥር የሚያዩት ግንብ ነው፤ ፈተናውን ከትምህርቱ በፊት ብትሰጣቸውም ይመልሱታል። ስለዚህ ጥያቄው የሚለካው ጎንደር መኖራቸውን ነው፣ ምዕራፉን መማራቸውን አይደለም። ይህንን ዜሮው ብቻውን አይነግርሽም። የምትለዪው ልጆቹንና ከተማውን ስለምታውቂ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሠልጣኞች እዚህ ላይ ስለሚሳሳቱ። 12 ልጅ ትንሽ ቁጥር ነው። አንድ ልጅ መልሱን ቢቀይር የመለየት ኃይሉ በ0.08 ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ 0.17 ያመጣ ጥያቄ ሁሉ ይጣል ማለት ልክ አይደለም፣ ሌላ ክፍል ላይ 0.25 ሊያመጣ ይችላል። ኔጋቲቩን ግን አትለፉት። ያንን ጥያቄ ወስዳችሁ አንብቡት።

ቆጠራውን ስንጨርስ በጣም ጥሩ ሆኖ የወጣው ጥያቄ 18ኛው ሆነ። ከ1769 እ.ኤ.አ. በኋላ ነገሥታቱ ስም ብቻ ይዘው ሥልጣኑ ለምን በመሳፍንቱ እጅ እንደገባ ምክንያቱን የሚጠይቅ ነው። ከላይ 10፣ ከታች 3 መለሱ፣ 0.58። ምርጫዎቹም ሁሉም ሠርተዋል፤ ሦስቱም አሳሳች መልሶች ከታችኞቹ ልጅ ስበዋል፣ ቁጭ ብሎ የባከነ ምርጫ የለም።

«እንደዚህ ዓይነት ስንት አለሽ?» አልኳት።

ገለጠች። «ሁለት።»

አሁን የክፍለ ጊዜ ዕቅዷን አምጪ አልኳት። ምዕራፉን በ10 ክፍለ ጊዜ ነው ያስተማረችው። 4ቱ የከተማዋ አመሠራረት፣ ነገሥታቱና ሕንጻዎቹ። 2ቱ ንግዱና የከተማው ኑሮ። ቀሪዎቹ 4 ዘመነ መሳፍንትና የቴዎድሮስ መነሣት፣ እስከ 1855 እ.ኤ.አ. ድረስ። 20 ጥያቄ በዚያ ልክ ቢከፋፈል 8፣ 4 እና 8 ይሆናል። እሷ ያወጣችው ግን 15፣ 3 እና 2 ነው። ዘመነ መሳፍንት ከተማሩት ትምህርት አርባ በመቶ ሲሆን ከፈተናው ደግሞ አሥር በመቶ።

ይሄ ነው የተገቢነት ጉዳይ፣ 0.73 ሸፍኖት የነበረው። እንዲያውም 15ቱ ስለ ሕንጻና ዓመተ ምሕረት መሆናቸው ጥያቄዎቹን እርስ በርስ ስላመሳሰላቸው አስተማማኝነቱን ሳይጠቅመው አልቀረም ባይ ነኝ። የጥያቄ ትንተናም ቢሆን አልያዘውም። ትንተናው የሚያየው ወረቀቱ ላይ ያለውን ጥያቄ ነው፤ ሳይጠየቅ የቀረውን ከየት አምጥቶ ይቆጥረዋል? ለዚያ የሚሆነው ቢጋር ነው፣ ያ ሰው ሁሉ ለፎርማሊቲ ከፈተናው በኋላ የሚሞላው ሠንጠረዥ።

ዝም ብላ ትንሽ አሰበችና «ስድስት ጥያቄ ጨምሬ አጭር ፈተና ልስጣቸው?» አለችኝ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ከነበሩት ሁለት ጋር 8 ይሆናሉ። ግን ለብቻው እንዳታምኚው አልኳት። ፈተና ሲያጥር አስተማማኝነቱ ይወርዳል። 0.73 ያለው የ20 ጥያቄ ፈተና በዚያው ጥራት ወደ 6 ቢቆረጥ 0.45 ገደማ ነው የሚሆነው። በዚያ ቁጥር «እገሌ ዘመነ መሳፍንት አልገባውም» ብሎ መፍረድ አይቻልም። ስለዚህ ስድስቱ ከሃያው ጋር ተደምረው ከ26 ይታረማሉ። የፋሲል ግንቡንም ጥያቄ አንሰርዝም፣ ልጆቹ ያገኙትን ማርክ መልሶ መንጠቅ የለም። ድልድሉ 15፣ 3 እና 8 ይሆናል። አሁንም ሕንጻው ይበዛል፣ ከበፊቱ ግን ይሻላል።

ስድስቱን ጥያቄዎች እዚያው ጠረጴዛ ላይ መጻፍ ጀመረች። በመጀመሪያ የጻፈችው «ዘመነ መሳፍንት የጀመረው በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» የሚል ነበር። ቀና ብላ አየችኝና ራሷ ሰረዘችው።