በግቢዬ ያለፈው የጎረቤቴ መንገድ፦ እንዴት እንደ ተፈጠረና እንዴት እንደ ቀረ

እ.ኤ.አ. በ2016 በሰሜን ቨርጂኒያ ግማሽ ኤከር ገደማ ግቢ ያለው አሮጌ ቤት ገዛሁ። በግቢው ምሥራቃዊ ጠርዝ አሥር ጫማ ያህል ስፋት ያለው የጠጠር መንገድ ከዋናው ጎዳና ተነሥቶ፣ በእኔ መሬት ላይ 120 ጫማ ያህል ሄዶ፣ ከኋላዬ ያሉት ጎረቤቴ ግቢ ውስጥ ይገባል። ጎረቤቴ ባለቤታቸው የሞቱባቸው አዛውንት አሜሪካዊ ነበሩ። ግቢያቸው በሌላው ጎን ወደ ሌላ ጎዳና የሚወጣ ቢሆንም፣ የጭነት መኪናቸውን የሚያቆሙበት ጋራዥ በእኔ በኩል ስለ ነበር የሚመላለሱት በዚሁ መንገድ ነበር። ቤቱን ስገዛ መንገዱን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ የማን እንደ ሆነና በምን መብት እንደሚኬድበት ግን አልጠየቅሁም።

ከሁለት ዓመት በኋላ እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ከእኛ ጋር እንድትኖር ወሰንን። ጉልበቷ ደረጃ መውጣት ስለማይችል በምድር ቤቱ ጎን አንድ ክፍልና መታጠቢያ ቤት ልጨምርላት አሰብኩ፤ ለግንባታ የሚሆነው ብቸኛው ስፍራ ደግሞ መንገዱ የሚያልፍበት ነበር። በዚህ ጊዜ ዛሬም የሚጸጽተኝን ስሕተት ሠራሁ። አንድ ወዳጄ «መሬቱ የአንተ ነው፤ እሳቸውም የራሳቸው በር አላቸው» ሲለኝ አምኜ በመንገዱ አፍ ላይ ሁለት ትልልቅ ድንጋዮች አስቀመጥሁ። በሳምንቱ ከጠበቃቸው ደብዳቤ ደረሰኝ። ድንጋዮቹ እንዲነሡ የሚጠይቅና ጎረቤቴ ከ25 ዓመት በላይ የተመላለሱበት መንገድ በሕግ መብታቸው እንደ ሆነ የሚገልጽ ነበር። ድንጋዮቹን በዚያው ቀን አነሣኋቸው፤ እኔም ጠበቃ ያዝሁ።

ጠበቃዬ አስቀድማ የጠየቀችኝ መንገዱ እንዴት እንደሚዘጋ ሳይሆን እንዴት እንደ ተፈጠረ ነበር። በሰው መሬት ላይ የማለፍ መብት፣ እዚህ ኢዝመንት የሚሉት፣ በተለያየ ምክንያት ሊመሠረት ይችላል፤ የሚያበቃበትም መንገድ በአመሠራረቱ ይወሰናል። በጽሑፍ ተሰጥቶ የተመዘገበ ከሆነ ቤቱ በተሸጠ ቁጥር ከመሬቱ ጋር አብሮ ይተላለፋል፤ ባለመብቱ በጽሑፍ ካልተወው ወይም ሰነዱ ራሱ ማብቂያ ካላስቀመጠለት ጸንቶ ይኖራል። ከችግር የተነሣ ከሆነ፣ ማለትም አንድ ቦታ ለሁለት ተከፍሎ አንደኛው መውጫ በማጣቱ የመጣ ከሆነ፣ ችግሩ በተወገደ ቀን መብቱም ያበቃል። ከረጅም ጊዜ አጠቃቀም የመጣ ከሆነ ደግሞ በቨርጂኒያ ሕግ ለሃያ ዓመት ሳይቋረጥ፣ በግልጽ፣ ባለመሬቱ እያወቀ፣ ያለ እርሱ ፈቃድ እንደ ራስ መብት ተቆጥሮ የተኬደበት መሆን አለበት። ባለመሬቱ ፈቅዶ ያሳለፈው ሰው ግን መቶ ዓመት ቢመላለስ እንኳ ያለው ፈቃድ እንጂ መብት አይደለም። ወዳጄ «ብዙም አይሄዱበትም» ማለቱም አይረባኝም ነበር፤ አንዴ የጸና መብት ባለመጠቀም ብቻ አይጠፋም፤ ባለቤቱ ሊተወው መወሰኑን የሚያሳይ ተግባር ያስፈልጋል።

ስለዚህ ወደ መዝገብ ሄድን። የቤት ሽያጭ ሰነዶች፣ ዲድ የሚባሉት፣ የሚመዘገቡት በየካውንቲው ሰርኪዩት ፍርድ ቤት ጽሕፈት ቤት ነው። ከእኔ ዲድ ተነሥተን ሻጩ ከማን እንደ ገዛ፣ ያም ከማን እንደ ገዛ እያልን ወደ ኋላ ተጓዝን፤ የጎረቤቴንም መሬት እንደዚሁ። ሁለቱ ሐረጎች በ1958 በተጻፈ አንድ ዲድ ላይ ተገናኙ። በዚያ ዓመት ሁለቱም ግቢዎች የአንድ ሰው ነበሩ፤ እርሱም የፊቱን ግማሽ ለራሱ ትቶ የኋላውን ሸጦ ነበር። ዲዱ ስለ መንገድ አንድም ቃል አይናገርም። ይሁን እንጂ በ1958 የኋላው መሬት በሁሉም ጎኑ በሰው መሬት የተከበበ ስለ ነበር፣ ገዢው ወደ ጎዳና የሚወጣበት ሌላ መንገድ አልነበረውም። ቦታቸው በመከፈሉ ምክንያት የመተላለፊያ መብት በሕግ እንደ ተፈጠረ መቀበል ነበረብን፤ ሻጭ ማንም ሊገባበት የማይችለውን መሬት ሸጧል ተብሎ አይገመትምና።

ቀጥለን ያገኘነው ግን ነገሩን ለወጠው። በ1974 ከጎረቤቴ ግቢ በስተኋላ የነበረው እርሻ ለቤት መሥሪያ ሲሸነሸን፣ የተመዘገበው ፕላን ዛሬ ጎረቤቴ የሚወጡበትን ጎዳና ለሕዝብ አገልግሎት ሰጥቶ ነበር። ከዚያ ዓመት ጀምሮ የኋላው ግቢ የራሱ መውጫ አለው፤ ከችግር የተወለደው መብት በ1974 አብቅቷል ማለት ነው። ጠበቃዬ በዚህ አልረካችም። መንገዱ ከክፍፍሉ በፊትም የነበረ ከሆነ፣ ቀድሞ በነበረ አጠቃቀም ላይ የተመሠረተ ሌላ ዓይነት መብት ሊነሣ ይችላል፤ ያ ደግሞ አዲስ ጎዳና ስለ ተከፈተ ብቻ አይቀርም። ለዚህ ካውንቲው የሚያስቀምጣቸውን የድሮ የአየር ፎቶግራፎች ተመለከትን። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በተነሣው ፎቶ በምሥራቁ ጠርዝ ሣርና ዛፍ እንጂ መንገድ አይታይም፤ በ1960ዎቹ ፎቶ ግን ነጩ መሥመር ቁልጭ ብሎ ይታያል።

መንገዱ ከክፍፍሉ በኋላ የተሠራ ስለሚመስል ይህኛውን መብት ተውነው፤ የቀረው የሃያ ዓመቱ ጥያቄ ነበር። እስከ 1974 የተኬደው ከችግር በመጣው መብት ስለ ነበር ቆጠራው የሚጀምረው ከዚያ ነው፤ ከ1974 እስከ 2018 ያለው 44 ዓመት ነው፤ የቀድሞ ባለቤት የተጠቀመበት ዘመንም በአሁኑ ላይ ሊደመር ይችላል። እንዲህ ከታሰበ ጎረቤቴ መብታቸው እጥፍ ጊዜ አልፎት የጸና ይመስል ነበር። እዚህ ላይ ስጋት ያዘኝ። በአገራችን ቢሆን ሁለት ሽማግሌ ይዤ እሄድ ነበር ብዬ አሰብሁ፤ ከጠበቃዬ ጋር ተማክሬም ጎረቤቴን ለማነጋገር ፈቃዳቸውን ጠየቅሁ። ጠበቆቻችን ባሉበት በራሳቸው ቤት ተገናኘን። አስቀድሜ ስለ ድንጋዮቹ ይቅርታ ጠየቅሁ። እሳቸውም ከመሳቢያ አንድ ወረቀት አውጥተው «ይህ የማልፍበት መብቴ ነው፤ ከእርስዎ በፊት የነበሩት ሰው በእጃቸው ጽፈው የሰጡኝ ነው» አሉኝ።

ወረቀቱ በ1991 የተጻፈ አጭር ማስታወሻ ነበር። የቀድሞው ባለቤት፣ ጎረቤቴ በሩን እስከ ዘጉና በክረምት በረዶውን እስከ ጠረጉ ድረስ በጎኑ ቢያልፉ ደስ እንደሚለው ገልጿል። ጎረቤቴ መብታቸውን ያጸናልኛል ብለው 27 ዓመት የጠበቁት ወረቀት፣ በሕግ ዓይን በሃያ ዓመት አጠቃቀም ይመጣ የነበረውን መብት የሚያፈርስ ነበር፤ አካሄዳቸው በፈቃድ እንደ ነበር የሚናገረው እርሱ ነውና። ማስታወሻው መብትን የሚያስተላልፍ ዲድ አይደለም፤ አልተመዘገበም፤ ለሰውዬው እንጂ ለመሬቱ የተሰጠ ስላልሆነም ቤቱ በ2016 ለእኔ ሲሸጥ ፈቃዱ አብሮ አብቅቷል። ከ1974 እስከ 1991 ደግሞ 17 ዓመት ነው፤ ሦስት ዓመት ይጎድለዋል። ሃያው ዓመት ከፈቃዱ በፊት ሞልቶ ቢሆን ኖሮ፣ ኋላ የመጣ ፈቃድ የጸናውን መብት ሊሽረው አይችልም ነበር። ጉዳዩ በነዚያ ሦስት ዓመታት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ይቻላል።

ጠበቃቸው ወረቀቱን ሲያነብ ፊቱ ተለወጠ፤ እሳቸው ግን አልገባቸውም ነበር። ያንን ቅጽበት ተጠቅሜ ብቻ ማሸነፍ አልፈለግሁም። ጠበቃቸው ለብቻቸው እስኪያስረዳቸው ድረስ እኔና ጠበቃዬ ወጥተን ጠበቅን። ደግሞም እርግጠኛ መሆን አልቻልንም፤ ከ1974 በፊትና በኋላ የነበሩት ባለቤቶች በምን ስምምነት ይመላለሱ እንደ ነበር የሚመሰክር ሰው በሕይወት አልነበረም፤ ዳኛ ነገሩን በሌላ ዓይን ሊያየው ይችላል። ክርክር ውስጥ ያለ መሬት ላይ ደግሞ ባንክ ለግንባታ አያበድርም።

ከሁለት ወር ንግግር በኋላ ተስማማን። እኔ ከጋራዣቸው ወደ ራሳቸው ጎዳና የሚወጣ የመኪና መንገድ ለመሥራት ከወጪው አብዛኛውን እችላለሁ። እሳቸው ደግሞ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያ በእግር መሄድ ስለሚወዱ፣ ከክፍሉ ግድግዳ ውጭ በአጥሩ ሥር አምስት ጫማ ስፋት ያለው የእግር መንገድ ይኖራቸዋል። አሮጌው መብት፣ ካለ፣ ይሰረዛል።

ይህን ወደ ሰነድ መለወጥ ከንግግሩ ይልቅ ጥንቃቄ ጠየቀ። ፈቃድ ያለው ቀያሽ ቀጥረን የእግር መንገዱን መነሻ፣ አቅጣጫና ርዝመት በማዕዘንና በጫማ አስለካን፤ «በአጥሩ ሥር» የሚል ቃል አጥሩ ሲነቀል ትርጉም ያጣልና። የመተው ዲዱ ጎረቤቴ «በጽሑፍ፣ በችግር ምክንያት፣ በረጅም ጊዜ አጠቃቀም ወይም በሌላ በማናቸውም መንገድ» ያላቸውን መብት ሁሉ እንደ ተዉ ይገልጻል፤ አንዱን ዓይነት ብቻ ብንጠቅስ ሌላው ሳይነካ በቀረ ነበር። አዲሱ መብት ለእሳቸው ብቻ የተሰጠ፣ በእግር ለመሄድ ብቻ የሚያገለግል፣ ቤቱን ሲሸጡ ወይም ሲሞቱ የሚያበቃ ሆኖ ተጻፈ።

ጠበቃቸው አንድ ያላሰብሁትን ነገር አነሣ። የቤቴ ብድር ዋስትና ከእግር መንገዱ ቀድሞ የተመዘገበ ስለሆነ፣ እኔ መክፈል አቅቶኝ ባንኩ ቤቱን ቢሸጠው ኋላ የመጣው የእሳቸው መብት አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ባንኩ መብቱን እንደሚያከብር በጽሑፍ እንዲፈርም ጠየቅን፤ መልሱን ለማግኘት ሰባት ሳምንት ፈጀ። የእሳቸው ቤት ዕዳ ባይከፈልና የራሳቸው ባንክ ቢኖር ኖሮ፣ የተዉት መብት የዋስትናው አካል ስለሚሆን ያም ባንክ መፈረም ነበረበት። ሁሉም ተፈርሞ በኖታሪ ፊት ከተረጋገጠ በኋላ በፍርድ ቤቱ መዝገብ ገባ፤ የግንባታ ፈቃዱን ያወጣሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ዛሬ ቤት ልገዛ ብሄድ ግዢው በፊርማ ከሚያልቅበት ከክሎዚንግ በፊት ሁለት ነገር አደርጋለሁ። የመጀመሪያው ቀያሽ ግቢውን ለክቶ በላዩ ላይ የሚታየውን መንገድ፣ አጥርና ሽቦ ሁሉ በካርታ እንዲያስቀምጥልኝ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ለባለቤትነት መብት ዋስትና የሚሰጠውን የታይትል ኢንሹራንስ ውል «ከዋስትናው ውጭ» ከሚላቸው ነገሮች ጀምሮ ማንበብ ነው። የእኔ ውል ያልተመዘገበ የመተላለፊያ መብትንና ቅየሳ ሊያሳየው ይችል የነበረን ማንኛውንም ነገር እንደማይሸፍን በግልጽ ይናገር ነበር፤ እኔ ቅየሳውን ጥቂት መቶ ዶላር ለማዳን ትቼው ነበር። መንገዱ በዓይን የሚታይ ስለሆነ አላወቅሁም ማለትም አልችልም ነበር፤ ያየ ሰው ጠይቆ እንዲደርስበት ሕጉ ይጠብቅበታል።

እናቴ በ2019 መጥታ በአዲሱ ክፍል ገባች። ጎረቤቴ በእግር መንገዱ ሲያልፉ በመስኮቷ ሰላምታ ይሰጧት ነበር። በ2023 ቤታቸውን ሸጠው ልጃቸው ወዳለችበት ሄዱ፤ በዲዱ ቃል መሠረት የእግር መንገዱ መብት በዚያው ቀን አበቃ። መዝገቡን የሚያገላብጥ ሰው ግን ቤቱ መቼ እንደ ተሸጠ አጣርቶ መብቱ ማብቃቱን ራሱ እንዲደርስበት መተው አልፈለግሁም። ስለዚህ ከመሄዳቸው በፊት መብቱ ማብቃቱን የሚያረጋግጥ አንድ ገጽ ሰነድ ፈርመውልኝ፣ ከቀድሞዎቹ ዲዶች ቁጥር ጋር ተያይዞ እንዲመዘገብ አደረግሁ።