ለነፃ ሴሚናር ስንት ሰው መመዝገብ አለብን? ካለፉት ዝግጅቶች ቀሪዎች ተነስቼ ያወጣሁት ስሌት

አዳራሹ 126 ወንበር ይይዛል እንበል። ስድስቱ ለተናጋሪዎችና ለአስተናጋጆች ስለሚያዙ ለታዳሚ የሚቀረው 120 ነው። መግቢያው ነፃ ስለሆነ ከተመዘገበው ሰው ብዙው አይመጣም። 120 ሰው ብቻ ከመዘገብን አዳራሹ ግማሹ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ከመዘገብን ደግሞ ስሙ ዝርዝሩ ላይ ያለ ሰው በር ላይ ይቆማል። ከታች የማቀርበው ምዝገባው የት ላይ መዘጋት እንዳለበት የምወስንበትን መንገድ ነው። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተመረጡ ናቸው፤ አካሄዱ ግን በሥራ ላይ የምጠቀምበት ራሱ ነው።

ከስሌቱ በላይ ጊዜ የሚወስደው ያለፉትን ዝርዝሮች ማጽዳት ነው። ለእያንዳንዱ ዝግጅት ሁለት ቁጥር ብቻ እፈልጋለሁ፦ በዝግጅቱ ዋዜማ ማታ ዝርዝሩ ላይ የነበሩ ሰዎች ብዛት፣ እና ከእነዚያ ውስጥ የመጡት። አስቀድመው የሰረዙት ከመጀመሪያው ቁጥር ይወጣሉ። ሁለት ጊዜ የተመዘገቡትን በስልክ ቁጥር እለያቸዋለሁ፤ በስም ብቻ ከተሄደ አንዱ ሰው በሁለት አጻጻፍ ስለሚገባ ያመልጣል። ሳይመዘገቡ የመጡትን ከመጡት ጋር አልደምራቸውም፤ ሌላ ዓምድ ላይ አስቀምጣቸዋለሁ።

የመጡት ቁጥር ላይ አንድ የታወቀ ችግር አለ። ሊጀመር አምስት ደቂቃ ሲቀረው ሰው አንድ ላይ ይደርስና በሩ ላይ ያለው አስተናጋጅ ስም ሳያረጋግጥ ያስገባል። ዘግይቶ የመጣውን ደግሞ የሚመዘግብ የለም፤ ጠረጴዛው ተነሥቷል። ስለዚህ ሴሚናሩ ከተጀመረ ከ20 ደቂቃ በኋላ በታዳሚ ወንበር ላይ ያለውን ሰው ማስቆጠርና ሳይመዘገቡ የገቡትን መቀነስ ያስፈልጋል። ዝርዝሩ 61 ብሎ ቆጠራው 72 ካለ ዝርዝሩን አላምንም። ባለፉት ዝግጅቶች ቆጠራ ካልተደረገ የአዳራሹ ፎቶ ይረዳል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፦ የመጡትን አሳንሶ የቆጠረ ሰው ብዙ ቀሪ እንዳለ ያስባል፤ ከዚያ ተነሥቶ ከሚገባው በላይ ይመዘግባል።

ከጸዳ በኋላ ስድስት ዝግጅቶች እንዲህ ቀረቡ፦

| ዝግጅት | የተመዘገቡ | የመጡ | የመጡት በመቶኛ |
|---|---|---|---|
| 1 | 90 | 47 | 52 |
| 2 | 110 | 76 | 69 |
| 3 | 80 | 57 | 71 |
| 4 | 140 | 72 | 51 |
| 5 | 100 | 66 | 66 |
| 6 | 120 | 72 | 60 |

በድምሩ 640 ሰው ተመዝግቦ 390 መጥቷል፤ 61 በመቶ ማለት ነው። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ 120ን ለ0.61 አካፍሎ «197 እንመዝግብ» ይላል። ይህ ቁጥር በአማካይ አዳራሹን ልክ ይሞላል፤ ችግሩም «በአማካይ» የሚለው ነው። በግምት ከሁለት ዝግጅቶች በአንዱ የሚመጣው ሰው ከ120 ይበልጣል። አማካዩ ከመሃል ያለውን ነጥብ እንጂ ቁጥሩ ወዲያና ወዲህ ምን ያህል እንደሚወዛወዝ አይነግርም።

ስታትስቲክስ የተማሩ ሰዎች ቀጥለው የሚወስዱት መንገድ እያንዳንዱን ተመዝጋቢ ለብቻው ሳንቲም እንደሚወረውር ማየት ነው፦ በ0.61 ዕድል ይመጣል፣ በ0.39 ይቀራል። በዚህ ስሌት የመትረፍረፍ ዕድሉ ከአሥር አንድ እንዲሆን የሚመዘገበው 183 አካባቢ ነው። ከ197 ይሻላል፤ ግን አሁንም ይበዛል። ሰዎች ለብቻቸው አይወስኑም። ዝናብ ከጣለ ሁሉም ላይ ይጥላል፤ መንገድ ከተዘጋ ለሁሉም ይዘጋል፤ አንድ ሰው ስምንት ባልደረቦቹን ካስመዘገበ ስምንቱ አብረው ይመጣሉ ወይም አብረው ይቀራሉ።

ይህ መሆኑን ከሠንጠረዡ ራሱ ማየት ይቻላል። መቶ ያህል ሰው ለየብቻው ቢወስን ኖሮ የመቶኛዎቹ መወዛወዝ መለኪያ የሆነው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን 5 ነጥብ ገደማ በሆነ ነበር። የስድስቱ ግን 8.5 ነው። ትርፉ የመጣው ከሰው ሳይሆን ከዝግጅቱ ነው፤ ከቀኑ፣ ከርዕሱ፣ ከሰዓቱ። ተመዝጋቢ በመጨመርም አይጠፋም፤ 500 ሰው ብንመዘግብም የቀኑ ዝናብ ያው ነው።

ስለዚህ የማካፍለው ለአማካዩ ሳይሆን፣ «ብዙ ሰው የመጣበት ቀን» ለምለው ከፍ ያለ መጠን ነው። አማካዩ ላይ የስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን 1.6 እጥፍ እጨምራለሁ። የመትረፍረፍ ዕድሉ 10 በመቶ እንዲሆን የሚወሰደው የታወቀ ቁጥር 1.28 ነው፤ ነገር ግን እሱ አማካዩንም ዴቪዬሽኑንም በትክክል ለሚያውቅ ሰው ነው። ስድስት ዝግጅት ብቻ ላለው ሁለቱም ግምት ናቸው፤ ለዚያ ሲታሰብ ቁጥሩ ወደ 1.6 ከፍ ይላል። በኤክሴል ቢ ዓምድ ላይ የተመዘገቡት፣ ሲ ላይ የመጡት፣ ዲ ላይ ሲ ለቢ ሲካፈል የሚሰጠው ካለ፣ D8፣ D9 እና D10 ላይ በቅደም ተከተል እነዚህ ይገባሉ፦

```
=SUM(C2:C7)/SUM(B2:B7)
=STDEV.S(D2:D7)
=ROUNDDOWN(120/(D8+1.6*D9),0)
```

የመጨረሻው መልስ 160 ነው። 160 ሰው ሲመዘገብ የሚጠበቀው 97 ያህል ነው፤ 23 ወንበር ባዶ ይሆናል ማለት ነው። ይህን ሲሰማ አዘጋጁ ሁሌ ያጉረመርማል። መልሴ ከአሥር አንድ የሚለው ዕድል ከየት እንደመጣ ማሳየት ነው፦ ተመዝግቦ የመጣን ሰው በር ላይ መመለስ ከአንድ ባዶ ወንበር ዘጠኝ እጥፍ ይከፋል ብሎ የሚያምን ሰው ከአሥር አንድ ላይ ይቆማል። ሦስት እጥፍ ብቻ ነው የሚከፋው ካለ፣ ለምሳሌ በጎን ስክሪን ያለው ሌላ ክፍል ካለ፣ ከአራት አንድ ድረስ መሄድ ይቻላል፤ 1.6 ወደ 0.8 ይወርዳል፣ ምዝገባውም ወደ 177 ከፍ ይላል። ተጨማሪ ወንበር መደርደርን ግን እንደ መውጫ አልቆጥረውም፤ የአዳራሹ የእሳት አደጋ ገደብ የተቀመጠው በሰው ቁጥር ስለሆነ ወንበር ስለተጨመረ አይለጠጥም።

ቁጥሩን ከማመኔ በፊት ባለፉት ዝግጅቶች እፈትነዋለሁ። አንዱን ዝግጅት አውጥቼ በቀሩት አምስት ብቻ ገደቡን አሰላና የወጣው ዝግጅት ቢሆን ምን ይፈጠር ነበር እላለሁ። ከሁሉ የሚከብደው ብዙ ሰው የመጣበት ሦስተኛው ነው። እሱ ሲወጣ አማካዩ 59.5፣ ዴቪዬሽኑ 7.9 ይሆንና ገደቡ 166 ላይ ይወድቃል። 71 በመቶው ቢመጣ 118 ሰው ነው፤ በጭንቅ ይበቃል። በዚያው መረጃ ለአማካዩ ብቻ ያካፈለ ሰው 201 መዝግቦ 143 ሰው ይቀበል ነበር፤ 23ቱ የሚቀመጡበት የላቸውም።

መወዛወዙን መቀነስ የሚቻልበት አንድ መንገድ አለ፤ ሰው መቼ እንደተመዘገበ ማየት። ከ640ው ውስጥ ዝግጅቱ ከሳምንት በላይ ሲቀረው የተመዘገቡት 400 ነበሩ፤ የመጡት 208፣ 52 በመቶ። በመጨረሻው ሳምንት የተመዘገቡት 240 ነበሩ፤ የመጡት 182፣ 76 በመቶ። ቀደም ብሎ የተመዘገበ ሰው በመካከሉ ሌላ ነገር ይገጥመዋል ወይም መመዝገቡንም ይረሳል። አንደኛውና አራተኛው ዝግጅት ዝቅ ያሉት ምዝገባቸው ረጅም ጊዜ ክፍት ስለነበረ ነው። ስለዚህ ለአሁኑ ዝግጅት ከተመዝጋቢው ሦስት አራተኛው ቀደም ብሎ የሚገባ ከሆነ አማካዩን 58 አድርጌ ገደቡን ወደ 167 ከፍ አደርጋለሁ፤ ግማሽ በግማሽ ከሆነ አማካዩ 64፣ ገደቡ 154 ይሆናል። ከሁለት ክፍል በላይ አልከፍልም። በሙያ፣ በዕድሜ፣ በሰፈር የከፋፈለ ሰው በየክፍሉ 20 እና 30 ሰው ይቀረውና መቶኛው ትርጉም ያጣል።

ብዙ ዝግጅት የሚበላሸው ግን በስሌቱ ሳይሆን ከዚያ በኋላ በሚደረገው ነው። ሁለት ቀን ሲቀረው የማስታወሻ መልእክት ከመሰረዣ ሊንክ ጋር ይላካል። ጥሩ ነገር ነው፤ ያለፉት ዝግጅቶች ላይ እንዲህ ያለ መልእክት ካልተላከ ግን አሮጌው 61 በመቶ ከዚያ ቅጽበት ጀምሮ አይሠራም። 160 ተመዝግበው 30ው ሰረዙ እንበል። የሰረዙት በአብዛኛው ድሮም የማይመጡት ናቸው፤ እንግዲያው ከቀሩት 130 የሚጠበቀው አሁንም ወደ 97 የሚጠጋ ነው፣ 75 በመቶ። አስተባባሪው «30 ቦታ ተለቀቀ» ብሎ ከተጠባባቂ ዝርዝር 30 ሰው ቢያስገባ፣ እነዚህ በመጨረሻው ሰዓት የገቡ ስለሆኑ 76 በመቶው ይመጣሉ፤ 23 ሰው። ድምሩ 120። ዝርዝሩ ላይ ያው 160 ሰው አለ፣ የመትረፍረፉ ዕድል ግን ከአሥር አንድ የነበረው ዘልሎ ከሁለት አንድ ሆነ።

ስለዚህ የተሰረዘውን ቦታ በአንድ ለአንድ አልተካም። ሠላሳ ሲሰረዝ ከተጠባባቂ አሥር ያህል ብቻ አስገባለሁ፤ የሚጠበቀው 105 ይሆንና 15 ወንበር መጠባበቂያ ይቀራል። የመሰረዣ መልእክት የተላከባቸውን ዝግጅቶች ከሌሎቹ ለይቼ እመዘግባለሁ። ሁለቱ አንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ከተቀላቀሉ አማካዩ የአንዱም አይሆንም።

ሳይመዘገቡ ለሚመጡት የምመድበው ቦታ የለም። ሴሚናሩ ከተጀመረ ከ10 ደቂቃ በኋላ ባዶ የቀረው ወንበር ተቆጥሮ በዚያው ልክ ይገባሉ፤ ይህም በምዝገባው ገጽና በማስታወሻው መልእክት ላይ አስቀድሞ ይጻፋል፣ የተመዘገበውም ሰው ቦታው እስከ መቼ እንደሚጠበቅለት እንዲያውቅ።